ሰባት ለዝረራ፣ ዘጠኝ ለነጥብ

የሥራ ቦታችን ከኤስኲሊኖ ገበያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቻይናውያን ሻንጣ ከሚሸጡበት ሱቅ በላይ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። ድርጅቱ ሮማ ውስጥ ጥቂት የውርርድ ቤቶች ብቻ ያሉት አነስተኛ ድርጅት ነው። የእግር ኳስና የቴኒስ የውርርድ ዋጋ የሚያወጡት ሰዎች መንገዱን የሚያየውን ሰፊ ክፍል ይዘዋል፤ የቦክስና ኤም ኤም ኤ የሚባለው የድብልቅ ትግል ዋጋ የሚወጣው ግን ከኋላ፣ የጎረቤት ልብስ የሚሰጣበትን ግቢ በሚያይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። እዚያ ሁለት ነበርን፤ እኔና ጋሼ።

ጋሼ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት የሆኑ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ቦክስ ተጫውተዋል። ካቆሙ በኋላም ለብዙ ዓመት ሮማ ውስጥ በሌሎች ቦክሰኞች ማዕዘን ቆመው ውኃ ሲያጠጡ፣ ቁስል ሲዘጉ ኖረዋል። አማርኛቸው የድሮ፣ የተስተካከለ አማርኛ ነው፤ ብቻ እንግዲህ ለማለት በጣሊያንኛ "አሎራ" ሳይሉ ወሬ አይጀምሩም።

የተዋወቅነው ፒኜቶ የሚባል የሮማ ሰፈር ነው። ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የስደተኞች መጠለያ ከወጣሁ በኋላ፣ መጀመሪያ በጽዳት ሠራተኛነት፣ ቀጥሎም ገንዘብ መቀበያው መስኮት ላይ ተቀምጬ የሠራሁበት የድርጅቱ አንድ የውርርድ ቤት እዚያ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መኪና አጠባ የሚሠራ የአስመራ ልጅ መጥቶ ከእኔ ጋር ይከራከር ጀመር። ቦክሰኛው በስድስተኛው ዙር ያሸንፋል ብሎ ተወራርዷል። ተጋጣሚው አምስተኛውን ዙር ጨርሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ የስድስተኛው ደወል ሲደወል አልተነሳም፤ ዳኛውም ውጊያውን አቆመ።

"ስማኝ ወንድሜ፣ ደወሉ ጮኋል፤ ስድስተኛው ተጀምሯል" አለኝ።

"ለአንደኛው ተጀምሯል። ሌላኛው አልተነሳም" አልኩት።

"በዚህ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ እኮ።"

"በጆሮ ላይ ውርርድ የለንም" አለ ከኋላው አንድ ድምፅ። ሰልፉ ውስጥ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። ባለ ድምፁ ጋሼ ነበሩ፤ ለምን እንደመጡ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ደንቡ ግልጽ ነው። ለሚቀጥለው ዙር ደወል ያልተነሳ ቦክሰኛ፣ የተሸነፈው በፊተኛው ዙር እንደሆነ ይቆጠራል። ስለዚህ ያ ውጊያ በአምስተኛው አብቅቷል። ልጁ ይህን ሲሰማ ሌላ መንገድ ያዘ፤ "ታዲያ ማንም ካልወደቀ እንዴት በዝረራ ተባለ?" አለ። ለእሱም መልሱን ነገርኩት። በእኛ አቆጣጠር በዝረራ ማለት ሰው መሬት ላይ ተዘርሮ መቆጠሩ ብቻ አይደለም፤ ዳኛው ቢያስቆም፣ ሐኪሙ ቢከለክል፣ ማዕዘኑ ፎጣ ቢወረውር፣ ሰውየው በርጩማው ላይ ቢቀር፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ይገባል። ነጥብ የሚባለው ዙሮቹ ሁሉ አልቀው ዳኞች ሲፈርዱ ነው። ልጁ "እናንተ መቼም መውጫ አታጡም" ብሎኝ እየሳቀ ወጣ።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ቀረቡ። "ደንቡን ማን አስተማረህ?"

"ማንም። አነበብኩት።"

"ያንን? የመድኃኒት ወረቀት የመሰለውን?"

"ሌላ የማነበው አልነበረኝም።"

ለካ ለክፍላቸው ሰው እየፈለጉ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁላችንም ካፓ የምንላት አለቃ ጠርታ ወደ ኤስኲሊኖ አዛወረችኝ።

ዋጋ ማውጣት የተማርኩት ከቢሮው ሥር ባለው ቡና ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ ባንኮኒው ላይ ካለው ሳህን ሃያ ቡስቲና፣ ማለትም ትንንሽ የስኳር ከረጢት፣ ቆጥረው ይደረድራሉ፤ አሳላፊው ማጉረምረም ትቶ ነበር። "ይህ ውጊያው ነው" ይላሉ። "ሃያ ጊዜ ቢዋጉ እያንዳንዷ ቡስቲና አንድ ጊዜ ናት። አሎራ፣ ስንቱን ይሄ ያሸንፋል?" አሥራ ስድስት ለአንዱ፣ ሦስት ለሌላው፣ አንድ ለአቻ እንበል። ከዚያ አሥራ ስድስቱን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ይህን ያህሉ በዝረራ፣ ይህን ያህሉ በነጥብ። ሃያን ለቡስቲናው ብዛት ስታካፍል ዋጋው፣ ማለትም ያሸነፈ ሰው ለአንድ ዩሮ የሚከፈለው፣ ይወጣል። አሥር ቡስቲና ሁለት ይሆናል፤ አምስት ቡስቲና አራት፤ አንዲት ብቻዋን የቀረች ሃያ። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ዋጋ ትንሽ ይቆረጣል፤ ድርጅቱ የሚኖረው በዚያች ቁራጭ ነው። ከትልልቆቹ ዋጋዎች የሚቆረጠው ይበዛል፤ ምክንያቱም ሃያ ያልከው በእውነቱ አሥራ ሦስት ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ባልከው ላይ ግን ያን ያህል አትሳሳትም።

መጀመሪያ ላይ የከበደኝ የዙሮቹ ነገር ነው። በዝረራ የሚያልቁትን ቡስቲናዎች ለአሥሩ ዙር እኩል በተንኳቸው። ጋሼ ከሁለተኛው ዙር አንዷን አንስተው ቀደዱና ቡናቸው ውስጥ አፈሰሷት።

"አሁን ይህ ሰውዬ በስድስተኛው ዙር ይወድቃል?"

"ወድቋል እኮ።"

"ቫ ቤኔ፣ ደህና። ስለዚህ ስድስተኛው ዙር ላይ ስትደርስ የሚጠብቅህ እስከዚያ የቆመው ብቻ ነው።"

ዙር በዙር መሄድ ነበረብኝ፤ መጀመሪያ እዚህ ይደርሳሉ ወይ፣ ከደረሱ ደግሞ እዚህ ያበቃል ወይ። ዞሮ ዞሮ ዙሮቹ ላይ የበተንኩት ሲደመር ለዝረራ ከመደብኩት አንድም መብለጥ ወይም ማነስ የለበትም። የሚበልጥ ከሆነ ከነጥብ ላይ ሰርቄያለሁ ማለት ነው።

ኤም ኤም ኤ ሲሆን ክምሩ ሦስት ይሆናል፤ ዝረራ፣ ነጥብ፣ እንዲሁም አንገት ታንቆ ወይም መገጣጠሚያ ተቆልፎ እጅ መስጠት። ጋሼ ይህን ጨዋታ አይወዱትም ነበር፤ "ሁለት ሰው ወለል ላይ ተቃቅፎ ምን ይሠራል" ይላሉ። ዋጋው ላይ ግን ቀልድ የለም። የእጅ መስጠትን ቡስቲናዎች ወደ መጀመሪያው ዙር ሳብ ያደርጓቸዋል። "ደረቅ ሰው ይያዛል፤ ላብ ሲያጠምቀው ያሙለጨልጫል።" እኔም በበኩሌ የማስታውሳቸው ነገር ነበረኝ። ውጊያው ከሁለት ተኩል ዙር ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው ውርርድ በቦክስ የሚለየው ሦስተኛው ዙር አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ ሲሆን ነው፤ በኤም ኤም ኤ ግን ዙሩ አምስት ደቂቃ ስለሆነ ሁለት ደቂቃ ተኩል ላይ ነው። ጋሼ ይህችን ሁልጊዜ ይረሷታል፤ ሳስታውሳቸው ደግሞ "አውቄ ልፈትንህ ነው" ይሉኛል።

አንድ የግንቦት ጠዋት ካፓ ወደ ክፍላችን መጥታ በሩን ዘጋች። ከመኸር ጀምሮ የአሸናፊነት መንገድና የዙር ዋጋዎች ሁሉ ከውጭ አገር ድርጅት ተሰልተው ሊገዙ ነው አለችን። ሌሎቹ የሮማ ውርርድ ቤቶች ቀድመው ገዝተውታል። እኔ ወደ ቴኒስ እዛወራለሁ። ጋሼን በተመለከተ ምንም አላለችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ድርጅቱ ያስቀመጣቸው ለዚህች ክፍል ብቻ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጠዋት ከቤት የሚያወጣቸው ይህ ሥራ ነው።

"ቤት ምን አለኝ?" አሉኝ በኋላ። "አንድ ቴሌቪዥንና አንዲት ድመት። ድመቷም የጎረቤት ናት።"

ካፓ ክፉ ሰው አይደለችም። አንድ ዕድል ሰጠችን። በሰኔ ሮማ ውስጥ የቦክስ ዝግጅት አለ፤ የመጨረሻው ግጥሚያ አሥር ዙር ነው። የውጭዎቹን ዋጋ አስመጥታ ጎን ለጎን ልታየው ነው። የኛ የተሻለ መሆኑን ካየች የጣሊያን ግጥሚያዎች ይቀሩልናል፤ ካልሆነ ክፍሉ በመኸር ይዘጋል።

የሚጋጠሙት አንድ የሮማ ወጣት ግራኝና ከደቡብ የሚመጣ፣ ዕድሜው የገፋ ቦክሰኛ ነበሩ። የውጭው ዋጋ ለወጣቱ በዝረራ 1.85፣ በነጥብ 3.00 ብሎ መጣ። ወደ ቡስቲና ሲመለስ አሥር ለዝረራ፣ ስድስት ለነጥብ ነው። እኔም ብሆን ከዚያ ብዙም አልርቅም ነበር፤ የደቡቡ ሰው ከዚህ በፊት አምስት ጊዜ ዙሮቹ ሳያልቁ ተሸንፏል ተብሎ ተመዝግቧል።

"አምስቱንም አይተሃቸዋል?" አሉኝ ጋሼ።

ቪዲዮዎቹን ፈልጌ አየሁ። አምስቱም ላይ ሰውየው አልወደቀም። ሁሉም ያበቁት በዙሮች መካከል ባለችው አንድ ደቂቃ ዕረፍት ላይ ነው። አንድ ፀጉሩ የሸበተ አሰልጣኝ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሮ እጁን ያወዛውዛል።

ጋሼ ምስሉን ሲያዩ ፈገግ አሉ። "አውቀዋለሁ። የሚጠይቀው 'ዛሬ ማታ ምን እንበላለን?' እያለ ነው። ልጆቹ ከውጊያው በፊት መልሱን ያውቁታል። ቶሎ ከመለሰ ይቀጥላል። ካሰበ ውጊያውን አስቁሞ ከመድረኩ ያወርደዋል። ደም ቢፈስም ባይፈስም ግድ የለውም።"

ስለዚህ መዝገቡ ዝረራ የሚለው የዚያን አሰልጣኝ ጥንቃቄ ነበር እንጂ የቦክሰኛውን አገጭ ድክመት አልነበረም። የውጭው ዋጋ ይህን አያውቅም።

ሐሙስ ዕለት ዋጋውን ሳንወስን አደርን፤ ዓርብ ቦክሰኞቹ የሚመዘኑበት ቦታ ሄድን። ሽበታሙ ሰው የለም። ጋሼ ወደ ደቡቡ ቦክሰኛ ጠጋ ብለው በጣሊያንኛ አወሩት፤ አሰልጣኙ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ተኝቷል፤ ማዕዘኑ ላይ የሚቆመው የቦክሰኛው ታናሽ ወንድም ነው። ወንድምየው ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ።

ስንመለስ ትራም ውስጥ ጋሼ "ወንድም ወንድሙን አያወርድም" አሉ። "ቤት ሲሄዱ እናታቸው ትጠይቃለች። ያ ሽማግሌ ግን የሚጠይቀው የለም፤ ለዚህ ነው የሚያወርደው።"

"ስለዚህ ስንት እናንቀሳቅስ?"

"አንተ ንገረኝ።"

"ሦስት" አልኩ። ሰባት ለዝረራ፣ ዘጠኝ ለነጥብ። ዋጋው በዝረራ 2.60፣ በነጥብ 2.05 ሆነ። ሰባቱንም ወደ ኋለኞቹ ዙሮች አዘነበልኳቸው፤ ያልተዘረረ ሰው የሚደክመው ዘግይቶ ነውና። ወጣቱ በሰባተኛው ዙር ያሸንፋል ለሚለው አንዲት ቡስቲና ደረሰው፤ ተቆርጦ 15.00 ሆኖ ወጣ።

ካፓ ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን ስታይ ቅንድቧ ከፍ አለ። "ከሁሉም ሰው ተለይታችኋል። እርግጠኛ ናችሁ?"

"እርግጠኛ ብሆን ዋጋ አላወጣም ነበር" አሏት ጋሼ።

ቅዳሜ ወደ አዳራሹ የገባነው ገና ፀሐይ ሳለ ነው። ላይኛው መደዳ ላይ ተቀመጥን። ወጣቱ ፈጣን ነበር፤ ግራው ጎድን ላይ እየገባ የደቡቡን ሰው ከዙር ዙር ያዘገየዋል፤ ሰውየው ግን ጉልበቱ አልታጠፈም። አምስተኛው አለቀ። ስድስተኛው አለቀ። ሁለቱም ቆመዋል፤ እኔም በልቤ ወደ ነጥብ እየተጓዝኩ ነበር። ከኋላችን አንድ የሮማ ሰው "እባክህ ተኛ፤ እራት ይቀዘቅዛል" እያለ ይጮሃል።

ሰባተኛው ዙር ከባድ ሆነ። ደወሉ ሲደወል የደቡቡ ሰው ለአፍታ ወደ ማን ማዕዘን እንደሚሄድ የጠፋው መሰለ። ተቀመጠ። ወንድምየው ፊቱ ተንበርክኮ ውኃ ሰጠው፤ የጥርሱን ከለላ አወጣለት፤ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ።

ጋሼ ጉልበቴን ጨበጡኝ። "እየጠየቀው ነው።"

ቦክሰኛው ወንድሙን አየው። አፉ ተከፈተ፤ የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም። የሚያስብ ሰው ፊት ነበር። ወንድምየው ተነሥቶ ወደ ዳኛው ዞረና እጁን አወዛወዘ።

አዳራሹ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ አፏጨ። እኔ ቁጥር ነበር የማየው፤ በዝረራ፣ ሰባተኛ ዙር፣ 15.00። በሌላ ቤት 11 የሚከፈለውን እኛ 15 ሰጥተንበታል። ጋሼን ላያቸው ስዞር ወደ ማዕዘኑ እያዩ ነበር። ወንድምየው ከበርጩማው ጎን ተቀምጦ ጫማውን ይፈታለታል።

"ለካ ሽማግሌው አስተምሮታል" አሉ።

"ጋሼ፣ ክፍሉስ?"

"ክፍሉ የሰኞ ነው። አሁን ልጁ ደህና ነው።"

እሑድን በደንብ አላስታውሰውም። ሰኞ ጋሼ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ጠበቁኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ከረባት አስረዋል። ካፓ ኮምፒውተሯን ይዛ ገባችና በሁለታችን መካከል አስቀመጠችው። ስለ ሰባተኛው ዙር የሆነ ነገር ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለችም። ያሳየችን የውጭው ዋጋ ከዓርብ እስከ ቅዳሜ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ ነው። ዓርብ ጠዋት በዝረራ 1.85 የነበረው፣ ግጥሚያው ሊጀመር ሲል 2.30 ሆኗል፤ በነጥብ 3.00 የነበረውም ወርዶ 2.30 ላይ ቆሟል። ምዘናውን ያዩ፣ ነገሩ የገባቸው ሰዎች በሁሉም ቤት ነጥብ ላይ ተወራርደው ዋጋውን ገፍተውታል።

"ወደ እናንተ ነው የመጡት" አለች። "እናንተ ግን ዓርብ ከሰዓት ላይ እዚያ ነበራችሁ።"

"ተሸንፈናል እኮ" አልኩ።

"አንድ ውጊያ ነው። ዋጋ የሚታየው በውጤቱ አይደለም፤ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ገበያው የሚቆምበት ዋጋ ላይ ማን ቀድሞ እንደደረሰ ነው። ይህን እኔ ስጀምር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" ብላ ወደ ጋሼ ዞረች። የጣሊያን ግጥሚያዎች እዚህ ይቀራሉ፤ የሌላው አገር ቦክስና ኤም ኤም ኤ ከውጭ ይገዛል። ጋሼ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣሉ።

እንዲያመሰግኗት ጠበቅሁ። ጋሼ ግን ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ስበው 2.30ን በጣታቸው ነኩት።

"ይህ ስምንት ነው" አሉ። "ስምንት ለዝረራ፣ ስምንት ለነጥብ። እነሱ ናቸው ልክ፤ እኛ አንድ አብዝተን ወስደናል።"

"ጋሼ፣ አሁን እኮ አሸንፈናል" አልኳቸው።

"ስለዚህ ልክ ነበርን ማለት ነው? ልጁ ከሽማግሌው ጋር አብሮ እንዳደገ መጠየቅ ነበረብኝ። ፊቴ ቆሞ ነበር። አልጠየቅሁም። ወንድም ወንድሙን አያወርድም አልኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንኳ አላውቅም።"

"ቢጠይቁትም የሚያወርድ አይመስለኝም ነበር። ሰባት ይበቃል።"

"ስምንት።"

ካፓ ኮምፒውተሯን አንሥታ "እናንተ ተጨቃጨቁ፣ እኔ ሥራ አለብኝ" ብላ ሄደች።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ሠርተው፣ እግራቸው ደረጃውን ሲከለክላቸው በራሳቸው ፈቃድ አቆሙ። አሁን የጣሊያኑም ዋጋ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ የእኔ ሥራ የተሳሳተ ነገር ካለ ማየት ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ ስህተት የለውም። ክፍሉ ባዶ ወንበር አለው። የምናፍቀው ግን ውጤቶቹን አይደለም፤ ያን የሰኞ ጠዋት ነው። ቦታቸው እንደተረፈላቸው ሰምተው፣ ስለ እሱ አንዲት ቃል ሳይሉ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስለ አንዲት ቡስቲና ሲከራከሩኝ የዋሉበት ጠዋት።